ከባንክ ወጥቼ ዳታ ሥራ ልጀምር ነው፣ 310 ሺ ብር ስንት ወር ያቆየኛል?

ጀሞ_ሦስት፦
ሰላም ቤቶች። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ላይ ስሠራ 7 ዓመት ሞላኝ፣ ስሙን ተዉት። ካውንተር ሰልችቶኛል በቃ። ዳታ አናሊስት መሆን ነው የምፈልገው፣ ኦንላይን ኮርስ ጀምሬያለሁ፣ ኤክሴል ድሮም ጎበዝ ነኝ፣ አሁን ኤስኪውኤል ላይ ነኝ። ኮርሱ በሳምንት 10 ሰዓት ከተሠራ 6 ወር ይፈጃል ይላል። ተቀናንሶ እጄ የሚገባው 29 ሺ ነው። የወር ወጪዬን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፦ ቤት ኪራይ ከእህቴ ጋር ተካፍለን የኔ ድርሻ 7 ሺ፣ አስቤዛ 6,500፣ ነዳጅና ትራንስፖርት 3,500፣ ለእናቴ 3 ሺ፣ ስልክና ኢንተርኔት 1,200፣ እድር ምናምን 800። ድምሩ 22 ሺ። ያጠራቀምኩት 310 ሺ አለ፣ ሲካፈል 14 ወር ይሆናል። ኮርሱ 6 ወር፣ ሥራ ፍለጋ 3 ወር ብል እንኳን 5 ወር ትርፍ አለኝ። የዚህ ወር መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ላስገባ ነው ያሰብኩት። የረሳሁት ነገር ካለ ንገሩኝ፣ ግን እባካችሁ "በዚህ ኑሮ ውድነት ሥራ ይለቀቃል ወይ" የሚል ስብከት አልፈልግም፣ እሱን እቤት ጠግቤዋለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_አባወራ፦
የመድረኩ አናት ላይ "ራንዌይ ስለማዘጋጀት" የሚለውን ሳይ አየር መንገድ ልትገቢ መስሎኝ ነበር የከፈትኩት 😂። ለካ ያለ ደሞዝ በቁጠባ የሚቆዩበት ጊዜ ነው። በርቺ እህቴ።

ቡና_በጨው፦
እንኳን ደስ አለሽ፣ በቂ ነው ባይ ነኝ። የ6 ወር ወጪ ያለው ሰው መልቀቅ ይችላል ነው የሚባለው፣ አንቺ የ14 አለሽ። ደግሞ 7 ዓመት ስለሠራሽ የስንብት ክፍያ ታገኛለሽ፣ እሱን አልቆጠርሽም።

ድሮ_ቴለር፦
ቡና በጨው ቀስ በል ወንድሜ። እኔ ከባንክ ወጥቼ ዳታ ላይ ከገባሁ 3 ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ እና የሷ ሒሳብ ላይ የሰራሁትን ስህተት ነው ያየሁት። ጀሞ፣ አንድ ጥያቄ፦ 29 ሺ እጅሽ ከመግባቱ በፊት ምን ምን ይቆረጣል? ፔይስሊፕሽን አውጪና የተቆራጭ ረድፉን ከላይ እስከ ታች አንብቢልኝ። ባንክ ቤት ያለ ሰው የስታፍ ሎን የሌለበት የለም።

ጀሞ_ሦስት፦
ግብር፣ ጡረታ 7%፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ እና የመኪና ብድር 4,950። ቪትዝ አለችኝ። ብድሩ ግን ከደሞዝ ነው የሚቆረጠው፣ ለዛ ነው ወጪ ውስጥ ያልጻፍኩት።

ድሮ_ቴለር፦
ያው እሱን ነበር የጠረጠርኩት። ከደሞዝ የሚቆረጠውን ማንም ወጪ ብሎ አይጽፈውም ምክንያቱም ብሩን አይተሽው አታውቂም፣ ደሞዝ ሲቆም ግን ብድሩ አብሮ አይቆምም፣ ከዛ 310 ሺ ላይ ነው የሚነሳው። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የብድር ውልሽን አውጪና ከሥራ ስትለቂ ወለዱ ምን እንደሚሆን የሚለውን አንቀጽ ፈልጊው። የኔ ላይ በለቀቅኩ ማግስት ወደ ደንበኛ ወለድ ነበር የተቀየረው፣ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ባንክ ነበር፣ ሙሉውን በአጭር ጊዜ ክፈል ተብሎ ከዘመድ ተበድሮ ነው የወጣው። በተረፈ ውሉን ሳታዪ ደብዳቤ እንዳታስገቢ።

ሕግ_ነክ፦
ስለ ስንብት ክፍያው ላርም። አዋጅ 1156/2011 ላይ በራስ ፈቃድ ለለቀቀ ሰው 5 ዓመት ከሠራ ክፍያ አለ የሚለው የጡረታ ወይም የፕሮቪደንት ፈንድ መብት ለሌለው ሠራተኛ ነው። እሷ ጡረታ 7% ይቆረጥባታል፣ አሠሪው 11% ይጨምርላታል፣ ስለዚህ ያ ብር የለም ብላ ታስብ። የጡረታ መዋጮውም ስለለቀቀች አሁን እጇ አይገባም። የምታገኘው ያልተጠቀመችበትን የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ነው። ማስጠንቀቂያው ደግሞ 30 ቀን ነው፣ ደብዳቤ አስገብታ በነጋታው መጥፋት አትችልም።

ቡና_በጨው፦
እሺ ስለ ስንብቱ ተሳስቻለሁ። 6 ወሩ ግን ሁሉም ሰው የሚለው ነው።

ድሮ_ቴለር፦
የ6 ወሩ ድንገት ከሥራ ለተባረረና ያንኑ ሙያ ሌላ ቦታ ለሚፈልግ ሰው ይሆናል። ሙያ የሚቀይር ሰው ግን አዲሱ ቦታ ላይ ጀማሪ ነው፣ ሲቪው ላይ የሚያሳየው ልምድ የሌላ ነው። የሁለቱ የፍለጋ ጊዜ አንድ አይደለም።

ጀሞ_ሦስት፦
ውሉን አወጣሁት 😔። ቀሪ ብድሬ 250 ሺ፣ 60 ወር ይቀረኛል። በሠራተኛነቴ 7% ነው፣ የሥራ ውሌ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ 17% ይላል። የወር ክፍያውን በኤክሴል ሠራሁት፦

```
=PMT(7%/12, 60, -250000)
=PMT(17%/12, 60, -250000)
```

የመጀመሪያው 4,950፣ ሁለተኛው 6,213 አካባቢ አመጣ። 7 ዓመት ባንክ ቁጭ ብዬ ለደንበኛ ብድር ሳስረዳ የራሴን ውል አንብቤው አላውቅም።

ድሮ_ቴለር፦
አይዞሽ ማንም አያነበውም። አሁን ሌላ ነገር አድርጊ፣ ሞባይል ባንኪንግሽ ላይ ገብተሽ ያለፈውን 12 ወር ስቴትመንት አውርጂ፣ ከጭንቅላትሽ አትጻፊ። ከጭንቅላት ሲጻፍ ሁሌ ደህና ወር ነው የሚጻፈው። ቦሎ፣ ኢንሹራንስ፣ ሰርቪስ፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ፣ የሰው ሠርግ፣ የጥርስ ሐኪም፣ እነዚህ የወር ወጪ አይመስሉም ግን በየዓመቱ ይመጣሉ። አውጥተሽ ለ12 አካፍዪው። እቁብም ካለሽ ንገሪን፣ በልተሻል ወይስ ገና ነሽ?

ጀሞ_ሦስት፦
ሌሊቱን ስሠራው ነበር። በዓመት አንዴ ሁለቴ የሚመጡት 54 ሺ ወጡ፣ በወር 4,500 ማለት ነው። ለካ እሱን ሲሸፍንልኝ የኖረው ቦነስ ነው፣ ከደሞዜ ስላልወጣ አልታወቀኝም። እቁብ ደግሞ በወር 4 ሺ እጥላለሁ፣ ቁጠባ ነው ብዬ ነው ያልጻፍኩት፣ ግን በልቻለሁ፣ ለመኪናው ቅድሚያ ክፍያ ነበር ያዋልኩት። 9 ዙር ይቀረኛል።

ድሮ_ቴለር፦
የተበላ እቁብ ዕዳ ነው እንጂ ቁጠባ አይደለም። 9 ዙር በ4 ሺ 36 ሺ፣ እሱን ከ310 ላይ ቀንሺው፣ 274 ቀረ። ወጪሽ 22 ሺ ሲደመር ብድር 6,200 ሲደመር 4,500፣ 32,700። ሲካፈል 8 ወር ከትንሽ። 14 የነበረው ይሄው 8 ሆነ፣ ገና ዋጋ ሳይጨምር። አስቤዛው ዛሬ 6,500 ስለሆነ የዛሬ ዓመትም 6,500 ይሆናል ብለሽ አታስቢ፣ ለዛ እኔ 8ቱን 7 ብዬ ነው የማየው።

ቡና_በጨው፦
ለዛ ነው ዶላር ገዝቶ ማስቀመጥ የሚሻለው። በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ሲለቀቅ ብር ይዞ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሆነ አይተናል።

ሕግ_ነክ፦
ጥቁር ገበያ ገብታ ነው የምትገዛው? የባንክ ሠራተኛ ናት እኮ፣ ተው እንጂ።

ቡና_በጨው፦
እሺ እሺ። ግን ብሩ እየቀለጠ መሆኑን አልካድክም።

ሕግ_ነክ፦
አልካድኩም።

የቦሌዋ_ሬክሩተር፦
እኔ ቀጣሪ በኩል ነኝ፣ ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልበል። ሰው "ሥራ አገኘሁ" ሲል ደብዳቤ የተቀበለበትን ቀን ነው የሚቆጥረው። እኛ ጋ ፈተና አለ፣ ከዛ ሁለት ኢንተርቪው አለ፣ ከዛ ሥራ አስኪያጁ ፊልድ ወጥቷል ይባላል። ከተወሰነ በኋላ ደግሞ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት ክሊራንስ እንጠይቃለን፣ ባንኮች ክሊራንስ ላይ ቶሎ አይሉም፣ ብድርም ዋስትናም ካለ ይጓተታል። ወሩ መሀል ከገባሽ የመጀመሪያ ደሞዝሽ ግማሽ ነው። ከዛ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ሲወጣ ወደ ሦስት ወር ነው፣ በዚህ ጊዜ ቀጣሪው ካላመነበት ያለ ብዙ ጣጣ ያሰናብትሻል። ስለዚህ የጀማሪ ደሞዝ ሦስት ጊዜ እስክትቀበዪ ነገሩ አልቋል ብለሽ አትዝናኚ። አንዳንድ ቦታ ጀማሪ አናሊስት 20 ሺ ነው የሚያገኘው፣ ከዚህ በታችም አይቻለሁ።

ጀሞ_ሦስት፦
20 ሺ?? ወጪዬ 32 ሺ ነው።

ድሮ_ቴለር፦
ይሄ እኔን የጎዳኝ ነው። ሥራ ሳገኝ ድኛለሁ ብዬ እፎይ አልኩ፣ ግን በየወሩ ከተቀመጠው ላይ መብላቴ አልቆመም፣ ቀነሰ እንጂ። ባንቺ ቁጥር ብንሄድ ከተቀጠርሽ በኋላም በየወሩ ወደ 12,700 ይጎድልሻል፣ ደሞዝ እስኪጨመር አንድ ዓመት ቢፈጅ 150 ሺ ገደማ ነው። ከ274ቱ ግማሹ ከቅጥር በኋላ ላለው ጊዜ ነው ማለት ነው። እኔ ያዳነኝ ብድሩን ቀድሜ መዝጋቴ ነበር።

አሁን ስለ ጊዜው እውነቱን ንገሪኝ። ኮርሱን ከጀመርሽ ስንት ሳምንት ሆነሽ? የስንት ሳምንቱን ነው የጨረስሽው?

ጀሞ_ሦስት፦
8 ሳምንት ሆነኝ። የጨረስኩት... የ3 ሳምንቱን። ግን ሰኔ ነበር፣ መዝጊያ፣ ታውቀው የለ እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው የምንቆየው።

ድሮ_ቴለር፦
አውቀዋለሁ፣ የሰኔ መዝጊያ ላይ ያለቀሰ ሰው ነኝ። ግን ከሰኔ በኋላም የሆነ ነገር ይመጣል። ኮርሱ 26 ሳምንት ነው፣ 23 ይቀርሻል። ባለሽበት ፍጥነት፣ 3ቱን በ8 ከጨረስሽ 23ቱ 61 ሳምንት ነው፣ 14 ወር። ኮርሱ የጻፈውን 6 ወር እርሺው፣ የሠራሽው ነው የሚቆጠረው።

"ለቅቄ ሙሉ ቀን ባጠናስ" ትያለሽ። እኔም ብዬ ነበር፣ በሳምንት 40 ሰዓት አጠናለሁ ብዬ ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ የሆነው ከ20 አልበለጠም። ቤት ያለ ሰው ሥራ እንደሌለው ነው የሚታየው፣ ጋዝ አስሞላ፣ እከሌን ሆስፒታል አድርሰው፣ ለቅሶ ድንኳን ጣል፣ መብራት ጠፋ። በ20 ሰዓት ብንሄድ 230 ሰዓት ይቀርሻል፣ ወደ 3 ወር። ከዛ ለሰው የሚታይ ሁለት ፕሮጀክት ያስፈልግሻል፣ ኮርሱ ላይ ያለውን ሁሉም ሰው ይዞ ስለሚመጣ አይቆጠርም፣ 2 ወር። ፍለጋ እኔ 5 ወር ፈጀብኝ፣ 61 ቦታ አመልክቼ 4 ኢንተርቪው። አብሮኝ የተማረው ልጅ ከኔ ጎበዝ ነበር፣ 8 ወር ፈጀበት። ከዛ እስከ መጀመሪያ ሙሉ ደሞዝ 2 ወር። ሲደመር ከ12 እስከ 15 ወር። ያለሽ 7 ወይ 8። በዚህ ወር ከለቀቅሽ ብሩ የሚያልቀው ፍለጋው መሀል ላይ ነው፣ ሰው የተገኘውን ሥራ ይዞ ተመልሶ ካውንተር የሚገባው ያኔ ነው።

የመማሩን 5 ወር ደሞዝ እየበላሽ ከጨረስሽው ግን ከ7 እስከ 10 ወር ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ያንኑ ብር ይዘሽ።

ጀሞ_ሦስት፦
ግን ደሞዝ እየበላሁ 14 ወር ነው አልክ እኮ፣ እሱን እንዴት ልቻለው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_አባወራ፦
እህቴ ቅድም ቀለድኩ፣ አሁን ከልቤ። እኔ እዚህ አሜሪካ ፓርኪንግ ካሸር ነበርኩ፣ ነርስ ነው የሆንኩት። ሲነግሩኝ 2 ዓመት ነው ያሉኝ። እሱ ፕሮግራሙ ብቻውን ነው። ከዛ በፊት አናቶሚ፣ ማይክሮባዮሎጂ ምናምን ማለፍ አለብህ፣ እኔ በሴሚስተር አንድ አንድ እየወሰድኩ እሱ ብቻ 2 ዓመት በላ። ከዛ ማመልከቻው በዓመት አንዴ ነበር፣ በሦስት ሳምንት አምልጦኝ ዓመት ቁጭ። ተመርቄ የነርስ ፈቃድ ፈተናውን ኤንክሌክስን እስክፈተንና ሆስፒታል እስክገባ ሌላ ወራት። ሁለት የተባለው ወደ ስድስት ሆነ። ትምህርቱ አይደለም የበላኝ፣ በመሀል ያለው መጠበቅ ነው። ፓርኪንጉን ግን አልለቀቅኩም፣ የማታ ሽፍት ተቀይሬ ካርድ እየቆረጥኩ ነው ያጠናሁት፣ የልጆቹ ኢንሹራንስ በሱ ነበር የሚሄደው።

ጀሞ_ሦስት፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። የኔ ግን በዓመት አንዴ የሚባል ነገር የለውም።

የቦሌዋ_ሬክሩተር፦
አለው እንጂ። ብዙ ድርጅት አዲስ ሰው የሚቀጥረው በጀት ሲጸድቅ ነው፣ ከሐምሌ በኋላ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ብታመለክቺ ሲቪሽ ፋይል ውስጥ ይተኛል። ነሐሴም ከመስከረም በፊት ስለሆነ ሰው የለም።

ሕግ_ነክ፦
7 ዓመት ከሠራሽ በአዋጁ የዓመት ፈቃድሽ 19 የሥራ ቀን ነው፣ 16 መነሻ፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ይጨመራል፣ የባንክሽ ኅብረት ስምምነት ከዚህ ሊበልጥም ይችላል። እሱን በብር ከመቀበል ለምን አታጠኚበትም?

ድሮ_ቴለር፦
ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ሳምንት ፈቃድ ውሰጂና ልክ እንደለቀቅሽ ሆነሽ ኑሪ። ላይብረሪም ካፌም ሂጂ፣ ቁጭ ብለሽ የሠራሽውን ሰዓት ስልክሽ ላይ መዝግቢ፣ ምሳና ቲክቶክ ሳይቆጠር። 35 ከወጣሽ የኔ 20 ላንቺ አይሠራም፣ ሒሳቡን እንደገና እንሠራዋለን። 12 ከወጣሽም ሳትለቂ አወቅሽው። ወጪሽንም እዛው እዪው፣ ቢሮ የሌለ ሰው ነዳጅ ይቀንሳል ግን ካፌ ይጨምራል።

ቡና_በጨው፦
ሁላችሁም ዝሆኑን ዘላችሁታል። ቪትዟን ሽጪ! ብድሩ ይዘጋል፣ ቦሎና ኢንሹራንስ ይጠፋል፣ የተረፈው ብር ሌላ ዓመት ያኖርሻል። አሁን ቪትዝ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ?

ድሮ_ቴለር፦
በዚህኛው ከሱ ጋር ነኝ 😅። የመኪና ዋጋና የ310 ሺ ነገር ሲወዳደር ሀብትሽ ባንክ ያለው ሳይሆን ግቢ የቆመው ነው።

ጀሞ_ሦስት፦
ዛሬ ሸጬ ብሩን ባንክ ካስቀመጥኩት እኮ ቅድም ቡና በጨው ያለው ነው የሚሆነው፣ መኪናው ዋጋው ይጨምራል፣ ብሩ ይቀልጣል። ከ7 ዓመት የተረፈኝ እሷ ብቻ ናት። ደግሞ እናቴን ሐኪም ቤት የማመላልሰው በሷ ነው። አይሆንም።

ቡና_በጨው፦
ዛሬ ማን አለሽ፣ ስትለቂ ሽጪያት። እስከዛ ትጨምርልሽ።

የቦሌዋ_ሬክሩተር፦
በተያዘ መኪና እንደዛ ቀላል አይደለም። ሊብሬው ባንክ ነው፣ ገዢው ብድሩን ከፍሎ እገዳው ተነስቶ ስም እስኪዞር ይሄዳል ይመለሳል፣ ወንድሜ ሲሸጥ ሁለት ገዢ ሰልችቶት ሄዷል፣ ሦስተኛው ዋጋ አስቀነሰው። ብሩ ሲያልቅ ለመሸጥ ከጠበቅሽ በችኮላ ነው የምትሸጪው። እኔ ብሆን ደብዳቤ ከማስገባቴ በፊት ነው።

ድሮ_ቴለር፦
እኔ ደግሞ ብድሩን ብቻ ቀስ በቀስ ብታቃልለው እላለሁ። በ7% ያለ ብድር ግን ቶሎ መክፈልም ሞኝነት ነው፣ ችግሩ 17 የሚሆነው ስትለቂ ነው። አላውቅም፣ ይሄን ራስሽ ወስኚው። አንድ ነገር ግን፦ ዋና መሥሪያ ቤት የኤምአይኤስ ወይ የሪፖርት ክፍል ዝውውር ጠይቀሻል? ብድሩም በ7% ይቀጥላል፣ ሲቪሽ ላይም "ዳታ" የሚል ቃል ይገባል፣ የፍለጋውን ጊዜ የሚያሳጥረው እሱ ነው።

ጀሞ_ሦስት፦
ሁለት ጊዜ ጠይቄ ማናጀሬ "ምትክ የለኝም" ብሎ አልፈረመም። የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ግን የሱ ፊርማ አያስፈልግም የሚል ሰምቻለሁ፣ ነገ ኤችአር እደውላለሁ።

እስካሁን የወሰንኩት፦ ደብዳቤው ይቆያል። ቦነሱም መስከረም ወይ ጥቅምት ነው የሚለቀቀው፣ ከዛ በፊት ከወጣሁ በኛ ባንክ ይቀራል። ነሐሴ ላይ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ሞላሁ፣ ሰዓቴን እመዘግብና እዚሁ እጽፈዋለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ለሥራ ባልደረባዬ ብድር ዋስ ነኝ። ስለቅ እሱስ ምን ይሆናል?

ሕግ_ነክ፦
ኧረ ሴትዮ! እሱን ነበር መጀመሪያ መጻፍ። ስለለቀቅሽ ዋስትናው አይወርድልሽም። እሱ ካልከፈለ አንቺን ነው የሚጠይቁት፣ ክሊራንስሽንም በሱ ሊይዙት ይችላሉ። ምትክ ዋስ እንዲያመጣ ከአሁኑ ንገሪው፣ ስትወጪ ሳይሆን አሁን።

ጀሞ_ሦስት፦
እሱ ደግሞ ካናዳ ፕሮሰስ ላይ ነው 🙃

ሲልቨር_ስፕሪንግ_አባወራ፦
😂😂 ይቅርታ አላስቻለኝም

አዲስ_አባል_44፦
ሰላም፣ ክሩን ሙሉ አላነበብኩትም፣ ቪትዟ የስንት ሞዴል ናት? ኮድ 2 ናት? የመጨረሻ ዋጋ በውስጥ ንገሪኝ።